«እሺ» ብዬ ወጣሁ፤ ሥራው ግን አይደርስም

በአንድ የቤት ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ሲኒየር አካውንታንት ነኝ። 14 ቅርንጫፎች አሉን። ትናንት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። የሦስት ዓመት ትርፍና ኪሳራ በየቅርንጫፉ ተለይቶ፣ ከነፕረዘንቴሽኑ፣ ለሰኔ 26 ለቦርድ እንዲደርስላቸው ነገሩኝ። ዛሬ ሰኔ 17 ነው። ከፊቴ የሰኔ 30 ቆጠራና የዓመት መዝጊያ አለ። የሁለቱ ዓመት መረጃ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ግን ከየቅርንጫፉ በኤክሴልና በወረቀት የመጣ ነው። በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ፣ የሚያከብሩኝም ሰው ናቸው። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዴት ብዬ ነው እምቢ የምላቸው?
ጨንቆኛል፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ እምቢ አትበያቸው። የትኛው ክፍል በየትኛው ቀን እንደሚደርስ ንገሪያቸው። አለቆች እምቢታን ብዙ አይወዱም፤ ቀን የተቆረጠለትን ግማሽ ሥራ ግን ይቀበላሉ። ከዚያ በፊት ግን ስለዚያች «እሺ» እንነጋገር፤ ጉዳዩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

ስናድግ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልን ነው። ስለዚህ ትልቅ ሰው ፊት ስንቆም እሺ ቀድሞን ይወጣል። ችግሩ በእኛ ቋንቋ «እሺ» ሁለት ነገር መሆኑ ነው። አንዱ «ሰምቻለሁ» ነው። ሌላው «አደርገዋለሁ» ነው። አንቺ ትናንት ያልሽው የመጀመሪያውን ነው። እሳቸው የሰሙት ሁለተኛውን ነው። አሁን እሳቸው ልብ ውስጥ ሪፖርቱ ያለቀ ያህል ነው። ምናልባትም ለቦርዱ ሰብሳቢ ነግረውታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀን ባለፈ ቁጥር ነገሩን መመለስ ይከብዳል። ነገ ከሄድሽ ማስተካከያ ነው፤ ሰኔ 24 ከሄድሽ ግን ቃል ማፍረስ ይሆናል።

ይህንን ከራሴ ነው የማውቀው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የቢሮ ኃላፊዬ ተመሳሳይ ነገር ጠይቆኝ «እሞክራለሁ» አልኩት። እሞክራለሁ ስል አይደርስም ማለቴ ነበር። እሱ ግን ስብሰባ ላይ «እየተሠራ ነው» ብሎ ተናገረ። በቀኑ ግማሹን ይዤ ቀረብኩ። የተቆጣኝ ሥራው ስለዘገየ አልነበረም። «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ብሎ ነው። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ «እሞክራለሁ»፣ «እናያለን»፣ «እግዜር ያውቃል» የሚሉትን ቃላት ለሥራ ቀጠሮ አልጠቀምባቸውም። ለተናጋሪው የጨዋ እምቢታ ናቸው፤ ለሰሚው ግን እሺ ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። እሳቸው ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ዛሬ ማታ ወረቀት አውጪና ሥራውን በሰዓት ቁጠሪው። «በጣም ብዙ ነው» የሚለው ቃል ማንንም አያሳምንም፤ እሳቸውም ብዙ ሥራ አለባቸው። ሰዓት ግን ይቆጠራል። እኔ በግምት ልሥራልሽ፤ አንቺ የራስሽን ቁጥር ትተኪበታለሽ።

ፒችትሪ ላይ ያለውን የአንድ ቅርንጫፍ የአንድ ዓመት ሂሳብ አውጥቶ ማጥራት 45 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 14 ቅርንጫፍ በሁለት ዓመት 28 ጊዜ ነው፤ 21 ሰዓት ይሆናል። የወረቀቱ ዓመት ከባድ ነው። ደረሰኝ ማገላበጥ፣ ቅርንጫፍ ደውሎ መጠየቅ አለበት። ለአንድ ቅርንጫፍ 2 ሰዓት ብትይ 28 ሰዓት ነው። የዋና መሥሪያ ቤቱን ወጪ ለቅርንጫፎች ማከፋፈል 6 ሰዓት፣ ፕረዘንቴሽኑ 3፣ ማመሳከሪያው 3። ሲደመር 61 ሰዓት።

አሁን ያለሽን ቁጠሪ። እስከ ሰኔ 26 ወደ ስምንት የሥራ ቀን አለሽ። ክፍያው፣ የባንክ ማስታረቁ፣ ደመወዙ፣ የቆጠራ ዝግጅቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ቢወስድ፣ ለዚህ ሥራ በቀን ሁለት ሰዓት ይተርፍሻል። 16 ሰዓት ማለት ነው።

«አምሽቼ እጨርሰዋለሁ» እንዳትይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ሁለቱን ሳምንት በሙሉ ብታመሺ 24 ሰዓት ነው። ከ16ቱ ጋር 40። አሁንም 61 አልሞላም። ይህን አዋጅ እሳቸው ፊት አትጥቀሺው፤ ክስ ይመስላል። ለራስሽ ግን እወቂው። ችግሩ የአንቺ ስንፍና ሳይሆን ሂሳቡ ራሱ እንደማይሞላ ሲገባሽ ድምፅሽ አይንቀጠቀጥም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፦ ይህ ሪፖርት የተፈለገው ምን ለመወሰን ነው? አልጠየቅሻቸውም። አስጠርተው ሲያዙ መጠየቅ ድፍረት ስለሚመስል ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ግን ትልቅ ሥራ የሚያንሰው በዚህ ጥያቄ ነው። በየቅርንጫፉ የተለየ ትርፍና ኪሳራ ለቦርድ ከተፈለገ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው «የትኛውን ቅርንጫፍ እንዝጋ?» ወይም «የትኛውን የኪራይ ውል እናድስ?» የሚለው ነው። እንደዚያ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በሙያሽ ታውቂዋለሽ፣ ግን በጭንቀት ውስጥ ይረሳል።

ቅርንጫፍ ለመዝጋት ወይም ላለመዝጋት የዋና መሥሪያ ቤቱ ወጪ ክፍፍል አያስፈልግም። እንዲያውም ያሳስታል። አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንድ ቅርንጫፍ በወር 300 ሺህ ብር ጥቅል ትርፍ ያስገባል እንበል። የራሱ ኪራይ 120 ሺህ፣ የራሱ ሠራተኞች ደመወዝ 90 ሺህ፣ ማጓጓዣና ጫኝ አውራጅ 40 ሺህ ነው። 50 ሺህ ይተርፈዋል። አሁን ከዋና መሥሪያ ቤቱ ወጪ 80 ሺህ ብር ድርሻው ነው ብለሽ ብትጭኚበት፣ ሪፖርቱ ላይ 30 ሺህ ኪሳራ ያሳያል። ቦርዱ ይዘጋዋል። ሲዘጋ ግን ያ 80 ሺህ አይጠፋም፤ የሥራ አስኪያጁ ደመወዝና የዋናው ቢሮ ኪራይ እንዳለ ነው፤ ወደ ሌሎቹ 13 ይዞራል። ድርጅቱ ያተረፈው ነገር የለም፤ 50 ሺህ አጣ እንጂ።

አየሽ? ያ 6 ሰዓት የሚፈጀው ክፍፍል ለዚህ ውሳኔ ቢቀር ይሻላል። ስለዚህ ትንሹን ሥራ ይዘሽ ስትቀርቢ የምታቀርቢው ለጥያቄያቸው የሚሆነውን ነው፤ ተሸንፈሽ የቀነስሽው አይደለም። ይህ ልዩነት አነጋገርሽን ይቀይረዋል።

ትንሹ ሥራ ምን ይሁን? የዚህ ዓመት ብቻ፣ እስከ ግንቦት 30 ያለው አሥራ አንድ ወር፣ ሁሉም 14 ቅርንጫፎች። ለእያንዳንዱ ሽያጭ፣ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ፣ የራሱ ኪራይ፣ የራሱ ደመወዝ፣ የራሱ ማጓጓዣ፣ ከዚያ የሚተርፈው። በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ። ማጥራቱ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ሰንጠረዡ 2፣ ማመሳከሪያው 2። አሥራ አራት ሰዓት ተኩል። ከ16ቱ ውስጥ ይገባል፤ ለመብራት መጥፋትና ለድንገተኛ ስብሰባም ትንሽ ይተርፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በይ። ቅርንጫፎቹን ከ14 ወደ 7 አትቀንሺ። ቦርድ ፊት «የቀሩትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ እሳቸውም ያፍራሉ። ዓመቱን ቀንሺ፣ ጥልቀቱን ቀንሺ፤ ለማነጻጸር የሚያስፈልገውን ግን ሙሉ አድርጊው። ማመሳከሪያውንም በፍጹም አትንኪው። ሰው ሲቸኩል መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱን ነው። የ14ቱ ሽያጭ ተደምሮ ከድርጅቱ ጠቅላላ ሽያጭ ጋር ካልገጠመ ግን ያ ገጽ ዋጋ የለውም።

እሳቸው ዘንድ ከመግባትሽ በፊት የፋይናንስ ኃላፊሽን አነጋግሪ። ይህ አይዘለልም። ምክትል ሥራ አስኪያጁ በቀጥታ አንቺን መጥራታቸው የእሳቸው መብት ነው፤ አንቺ ግን ኃላፊሽ ሳያውቅ ቀን ብትቆርጪ «ዘልላኝ ሄደች» ይባላል። ጠዋት እንደገባሽ እንዲህ በይው፦ «ምክትሉ ጠርተውኝ ይህን ጠየቁኝ። ሰዓቱን ቆጥሬዋለሁ፣ ይኸው። እንዲህ ልላቸው አስቤያለሁ። አንተ ምን ትላለህ?» ምናልባት «እኔ ልናገር» ይልሻል። ጥሩ፤ ወረቀቱን ስጪው። ምናልባት «አንቺው ንገሪያቸው» ይልሻል። ያም ጥሩ ነው፤ ፈቃዱን ይዘሽ ትገቢያለሽ።

ምክትሉን ብቻቸውን ሲሆኑ አግኚያቸው። ስብሰባ ላይ አይሁን፣ ኮሪደር ላይም አይሁን። ሰው ፊት የተነገረ «አይደርስም» ቃሉ ምንም ያህል ትሁት ቢሆን ከእሳቸው ሥልጣን ጋር መጋጨት ይሆናል። ጸሐፊያቸውን አምስት ደቂቃ ጠይቂ። መግቢያሽ አጭር ይሁን፦

«ጋሼ፣ ከትናንት በስቲያ ስላዘዙኝ ሪፖርት ነበር። ያኔ እሺ ስልዎት ሥራውን አልቆጠርኩትም ነበር፤ ይቅርታ። ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ሦስቱም ዓመት እንዳለ ለሰኔ 26 አይደርስልኝም። ቦርዱ በዚህ ምን እንደሚወስን ቢነግሩኝ፣ ለውሳኔው የሚያስፈልግዎትን አስቀድሜ በቀኑ ላደርስልዎት እፈልጋለሁ።»

ከዚህ በኋላ ዝም በይ። ከባዱ ነገር ይሄ ነው። ስንፈራ ዝምታውን በሰበብ እንሞላዋለን፤ ቆጠራው፣ ሠራተኛ ማነሱ፣ ኔትወርኩ፣ ልጄ አሟት ነበር። ሰበብ ሲበዛ እውነተኛው ምክንያት ይቀበራል። «አይደርስልኝም» ብለሽ እንደጨረስሽ ተራው የእሳቸው ነው።

ስለ ቅርንጫፎች መዝጋት ከነገሩሽ፣ ገጹን አቅርቢላቸው፦ «እንግዲያው የዚህን ዓመት፣ የሁሉንም ቅርንጫፍ፣ ከራሱ ወጪ በኋላ የሚተርፈውን በአንድ ገጽ ለሰኔ 26 አደርሳለሁ። ለመዝጋት ጥያቄ የሚበቃው እሱ ነው። የቀሩትን ሁለት ዓመታት ከነፕረዘንቴሽኑ ለነሐሴ 8 አስረክባለሁ። ለወረቀቱ ዓመት አንድ ሰው ከተመደበልኝ ለሐምሌ 20 ይደርሳል።»

ነሐሴ 8 ከየት መጣ? የቀረው ሥራ ወደ 47 ሰዓት ነው። በሐምሌ ከመዝጊያው ሥራ ጋር በቀን ሁለት ሰዓት ብታገኚ ወሩን ይጨርሳል። በዚያ ላይ አንድ ሳምንት ጨመርኩበት። ይህን ሳምንት አትሽሪው። የመጀመሪያውን ቀን ማስለወጥ ይቻላል፤ ራስሽ የሰጠሽውን ሁለተኛ ቀን ካሳለፍሽ ግን ከእንግዲህ የምትሰጪውን ቀን ማንም አያምንም። ሰው ከተመደበልሽ 28ቱ ሰዓት ከአንቺ ላይ ይነሣል፤ የሚቀረው 19 ያህል ነው፤ ሐምሌ 20 ሳትጨናነቂ ትደርሻለሽ።

ውሳኔው ሌላ ቢሆንስ? ለምሳሌ ባንክ ብድር ሊጠይቁ ከሆነ የአንድ ዓመት ገጽ አይበቃም፤ የዓመታቱ አካሄድ ይፈለጋል። ያኔ በሌላ በኩል ቀንሺ፦ ሦስቱንም ዓመት ለድርጅቱ በጥቅል አቅርቢ፣ የቅርንጫፉን ዝርዝር ወደ ነሐሴ አሻግሪ። ያለፉት ዓመታት ሂሳብ ኦዲት ተደርጎ ከሆነ አብዛኛው ቁጥር ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። ለዚህ ነው መጠየቅ የሚቀድመው፤ ሳትጠይቂ የቀነስሽው ሥራ ከማይፈለገው በኩል ሊቀነስ ይችላል።

አሁን ደግሞ የምትፈሪው ይምጣ። «አይሆንም፣ ሁሉንም ነው የምፈልገው» አሉ እንበል። አትከራከሪ። «እሺ» ብለሽም አትውጪ። የቀን ሥራሽ የተዘረዘረበትን ወረቀት አቅርቢና እንዲህ በይ፦ «እሺ ጋሼ፣ ላስቀድመው። ግን ከእነዚህ የትኛውን ላቆየው? የባንክ ማስታረቁን ወደ ሐምሌ ላሻግረው? የቆጠራ ዝግጅቱን ሌላ ሰው ይያዝልኝ? እርስዎ የወሰኑትን ለፋይናንስ ኃላፊው እነግራለሁ።» ይህ ጥያቄ እምቢታ አይደለም። ሁለት እግር ስላለ ሁለት ዛፍ ላይ እንደማይወጣ ሳትናገሪ የሚያሳይ ነው። ብዙ አለቆች እዚህ ላይ ነው ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት፤ የታችኛው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ምን እንዳለ በደንብ አያውቁትማ።

ነገር ግን የሚቆየውን ስትዘረዝሪ የወሩን የታክስ ማስታወቂያና የጡረታ መዋጮ አትጨምሪ። እነሱ በሕግ የተቆረጠ ቀን አላቸው፤ ካለፈ ቅጣት ይመጣል። ቅጣቱ ሲመጣ ደግሞ «እኔ አቆዪው ብያታለሁ» የሚል ሰው አታገኚም። ያንን ከድርድሩ ውጪ አድርጊው።

እንደተስማሙ በምን ታውቂያለሽ? «እንግዲህ ይሁን፣ ገጿን በቀኗ አድርሺልኝ» ካሉ ተስማምተዋል። «እስቲ እናያለን» ካሉ ወይም ስልካቸውን አንሥተው ዝም ካሉ አልተስማሙም፤ ቀኑ ሲደርስ ሦስቱንም ዓመት ይጠብቃሉ። በሁለቱም ሁኔታ በዚያው ቀን አጭር መልእክት ላኪ፤ በምትጻጻፉበት መንገድ፣ በኢሜይልም ይሁን በቴሌግራም፦

«ጋሼ፣ ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት የ14ቱን ቅርንጫፎች የዚህ ዓመት አንድ ገጽ ሰኔ 26 አስረክባለሁ። የሁለቱ ዓመት ዝርዝርና ፕረዘንቴሽኑ ነሐሴ 8። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።»

ግልባጩ ለፋይናንስ ኃላፊሽ ብቻ ይሁን። ሌላ አምስት ሰው ላይ ግልባጭ ካደረግሽ ምስክር የሰበሰብሽ ይመስላል፤ ሰውየው በቃል የተስማሙትን በጽሑፍ ሊያጠፉት ይችላሉ። «ያርሙኝ» የምትለዋን ቃል አታውጫት። መልስ ካልመጣ ስምምነቱ ይጸናል፤ ካልተስማሙ ደግሞ ሰኔ 26 ሳይሆን ዛሬውኑ ይነግሩሻል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ገጹ። ቁጥሮቹ ከሰኔ 30 ቆጠራ በፊት የወጡ ናቸው። የተሸጠው ዕቃ ዋጋ በመዝገብ ያለው ነው፤ የጎደለ ዕቃ ገና አልታየም። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ትልቅ ጉድለት ከተገኘ የሚተርፈው 50 ሺህ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከርዕሱ ሥር፣ ግርጌ ላይ ሳይሆን፣ በጉልህ «ከዕቃ ቆጠራ በፊት፤ እስከ ግንቦት 30 ባለው መዝገብ» ብለሽ ጻፊበት። ስታስረክቢም በአፍሽ ንገሪያቸው፤ ቦርድ ፊት ተጠይቀው እንዳይደናገሩ። ገጹንም ከተቻለ ሰኔ 25 ከሰዓት ስጪያቸው፤ አንብበው የሚጠይቁሽ ነገር ካለ አንድ ጠዋት ይኖርሻል።